ፋሲካና ዒድ በአንድ ሳምንት ሲገጥሙ

በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ዒድ አልፈጥር ደግሞ ሚያዝያ 13 ቀን ዋለ። የሒጅራ አቆጣጠር በጨረቃ ስለሚሄድ ዒድ በየዓመቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ይመጣል፤ ስለዚህ ሁለቱ በዓላት እንዲህ የሚቀራረቡት አልፎ አልፎ ነው። ቢሮዎች ግን የበዓል ዝግጅታቸውን የሚያደርጉት ብዙውን ጊዜ በዋዜማው ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ በፋሲካ ዋዜማ ክርስቲያኑ ሁዳዴ ላይ፣ ሙስሊሙ ረመዷን ላይ ነበር። ቀን ላይ ቡና ቢፈላ፣ ፈንድሻ ቢቀርብ የሚጠጣውና የሚበላው ጥቂት ሰው ብቻ ይሆን ነበር።

የሚሻለው ሁለቱ በዓላት ካለፉ በኋላ፣ ሰኞ ሚያዝያ 16 ላይ አንድ የጋራ ዝግጅት ማድረግ ነው። ረመዷን አብቅቷል። በኦርቶዶክስ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ቄጠማው፣ ቡናው፣ አበባው ሁለቴ ሳይገዛ ለሁለቱም በዓል ይሆናል፤ የወጪው ጉዳይ በዚሁ ግማሽ በግማሽ ያልቃል።

ሥጋ ባይቀርብ መልካም ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላምና፣ ለሁለት የሚከፈል ገበታ ከማዘጋጀት ይልቅ ዳቦ፣ ቆሎና ፈንድሻ ሁሉንም አንድ ላይ ያስቀምጣል። ዕጣን ግን ሳይጠየቅ ባይጨስ ይመረጣል። አስም ያለበት ሠራተኛ ሊኖር ይችላል፤ ከፕሮቴስታንት ባልደረቦችም በጭሱ የማይመቻቸው አሉ። ሰብሳቢ ፊት ከማስነሣት ቀደም ብሎ ለየብቻ መጠየቅ ይሻላል፤ በሰው ፊት የተጠየቀ «ግድ የለም» ይላል።

ግድግዳው ላይስ? መስቀልም ሆነ የጨረቃ ምስል ባለቤቱ በገዛ ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጠው ያምርበታል። ባለጉዳይ የሚገባበት በር ግን የሁሉም ነው፤ እዚያ አበባና አንድ ጽሑፍ ይበቃል፦ «እንኳን ለትንሣኤና ለዒድ አልፈጥር በዓል አደረሳችሁ»። ጽሑፉ ላይ ዓመተ ምሕረት ካልታተመ ተጠቅልሎ ይቀመጥና በዓላቱ እንደገና ሲገጥሙ ይወጣል። ፕላስተር በቀለም ግድግዳ ላይ አይለጠፍ፤ ሲነቀል ቀለሙን ይዞ ይመጣል። መስታወት ላይ መለጠፍ ወይም በመጋረጃው ዘንግ ላይ በክር ማንጠልጠል ይቻላል።

ብዙ ጣጣ ያለው ቄጠማው ነው። እርጥቡ ቄጠማ በሸክላ ወለል ላይ ያንሸራትታል፤ ምንጣፍ ላይ ካደረ ደግሞ አረንጓዴ እድፍ ይተዋል፣ ይሸታል። ቡናው በሚፈላበት ጥግ ብቻ፣ ከመተላለፊያውና ከደረጃው ርቆ ይጎዝጎዝ። አንድ እስር ለዚያ ይበቃል። ረከቦቱ ሲነሣ ቄጠማውም አብሮ ይጠረግ፤ ለማግስቱ ከተተወ ሥራው በጠዋት በምትገባው የጽዳት ሠራተኛ ላይ ይወድቃል፣ እሷም በዓሉን ያከበረች ሰው ናት። ስለዚህ ማን እንደሚጠርግ ዝግጅቱ ሳይጀመር፣ ገንዘቡ ሲዋጣ ይወሰን።