ከሁለት ሳምንት ዝምታ በኋላ የሚጻፈው ሁለተኛው ኢሜይል

አንዲት የሥነ ሕይወት ተመራቂ ጀርመን አገር ለማስተርስ ልታመለክት ነው እንበል። ዩኒቨርሲቲው የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ጃንዋሪ 15 ነው። ኅዳር 22 ቀን የመመረቂያ ጽሑፏን ላማከሯት መምህር ኢሜይል ላከች። ታኅሣሥ 6 ደረሰ፤ መልስ የለም። የቀራት አንድ ወር ነው።

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ሲደርስ ወይ አፍሮ ዝም ይላል፣ ወይ ተናዶ «እስካሁን ለምን አልመለሱልኝም?» ብሎ ይጽፋል። ከሁለቱም በፊት ግን የላኩትን ደብዳቤ ከፍቶ እንደ ተቀባዩ ሆኖ ማንበብ ይጠቅማል። አድራሻው አንዲት ፊደል ተሳስቶ ይሆናል። መልሱ መጥቶ ስፓም ውስጥ ተቀምጦም ይሆናል። የእሷ ችግር ሌላ ነበር። ደብዳቤዋ በረጅም ሰላምታ ይጀምራል፣ የክፍል ትዝታ ያነሳል፣ አራተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ «ትብብርዎን በትሕትና እጠይቃለሁ» ይላል። ምን ዓይነት ትብብር? እስከ መቼ? አልተጻፈም። በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል በስልኩ የሚያነብ መምህር እንዲህ ያለውን «ማታ አየዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል፤ እስከ ማታ ሌሎች ደብዳቤዎች ይደራረቡበታል።

ሌላም ዓይነት ዝምታ አለ፤ እሱ ከይሉኝታ ይመጣል። መምህሩ ተማሪዋን በደንብ አያስታውሷት ይሆናል፤ ወይም ጠንካራ ደብዳቤ ሊጽፉላት አይችሉ ይሆናል። «አልችልም» ማለት ስለሚከብዳቸው ሳይመልሱ ይቀራሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ኢሜይል እሺ ማለትን ብቻ ሳይሆን እምቢ ማለትንም ማቅለል አለበት።

ይህም አጭር ሆኖ ሊጻፍ ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ኅዳር 22 ቀን ስለ ድጋፍ ደብዳቤ ጽፌልዎት ነበር፤ ሥራ እንደሚበዛብዎት ስለማውቅ ላስታውስዎት ብዬ ነው። የጠየቅኩት ለማስተርስ ማመልከቻዬ አንድ ገጽ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ነው። የመጨረሻው ቀን ጥር 7 (ጃንዋሪ 15) ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን አጭር መግለጫና የውጤት ማስረጃዬን አያይዣለሁ። ጊዜው የማይመችዎት ከሆነ እስከ ታኅሣሥ 13 ቢያሳውቁኝ ሌላ መምህር እጠይቃለሁ፤ ቅር አልሰኝም። አመሰግናለሁ።»

ከታች ሙሉ ስሟ፣ የተመረቀችበት ዓመትና የጽሑፏ ርዕስ ይሰፍራሉ። በየዓመቱ ብዙ ተማሪ ለሚያማክሩ መምህር ስም ብቻውን አይበቃም።

ይህን አዲስ ኢሜይል ከፍቶ ሳይሆን በላኩት ደብዳቤ ላይ «መልስ» የሚለውን ተጭኖ መላክ ይሻላል። የመጀመሪያው ከሥሩ ስለሚታይ መምህሩ ፍለጋ አይገቡም። ርዕሱን ግን መቀየር አይገባም፤ በጂሜይል ርዕሱ ሲቀየር ደብዳቤው ከቀድሞው ተነጥሎ እንደ አዲስ ይቆማል።

ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈው በምክንያት ነው። ጃንዋሪን «ጥር» ብሎ የመተርጎም ልማድ ስላለ፣ «ጥር 15» ተብሎ የተነገራቸው መምህር በራሳቸው ካላንደር ቢሄዱ ስምንት ቀን ይዘገያሉ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በጀርመን ሰዓት አቆጣጠር 23:59 ላይ የሚዘጋ ማመልከቻ በእኛ ከሌሊቱ 7፡59 ላይ ነው የሚዘጋው።

የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ በግልባጭ ማስገባት በዚህ ደረጃ አይመከርም። ተቀባዩ እንደ ክስ ያየዋል፤ ክስ የተሰማው ሰው ደግሞ ደብዳቤውን ቢጽፍ እንኳ ሞቅ አድርጎ አይጽፈውም። ጥያቄው ለሬጅስትራር ወይም ለሌላ ቢሮ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እዚያ ደብዳቤውን የሚያነበው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ የመታወቂያ ቁጥርና የክፍያ ደረሰኝ ቁጥር መጥቀስ፣ ከዚያም ጉዳዩ በየትኛው ሠራተኛ እጅ እንዳለ መጠየቅ ያዋጣል።

ታኅሣሥ 13 ያለ መልስ ካለፈ ሦስተኛ ኢሜይል ብዙ አይፈይድም። ለትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ደውሎ መምህሩ በሥራ ላይ መሆናቸውን ማጣራት ይሻላል፤ ለትምህርት ወይም ለመስክ ሥራ ወጥተው ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ሌላ መምህር መጠየቅም ያስፈልጋል።

መምህሩ «እሺ» ካሉ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። ብዙ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ደብዳቤውን የሚቀበሉት ከተማሪው ሳይሆን በቀጥታ ከመምህሩ ነው፤ የመላኪያውን ሊንክ የሚልከውም የማመልከቻው ሲስተም ነው። ይህ መልእክት ስፓም ውስጥ ገብቶ መምህሩ ሊንኩን ሲጠብቁ፣ ተማሪዋ ደግሞ ደብዳቤውን ስትጠብቅ ሳምንት ያልፋል። ስለዚህ መምህሩ ዘወትር የሚከፍቱት ኢሜይል የትኛው እንደሆነ አስቀድማ ትጠይቃለች፣ በዚያው አድራሻ ታስመዘግባቸዋለች፣ ሊንኩ በተላከ ማግስትም «ደረሰዎት?» ብላ በቴሌግራም አንድ መስመር ትልካለች።