አንበሳው ሥር የቆመችው ሴት

ፎቶው የመዳፍ ያህል ነው። ነጠላ የለበሰች ሴት ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ሥር ቆማለች። አጠገቧ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ አለ። ቤታችን ውስጥ ስለዚህ ፎቶ የሚነገረው አንድ ነገር ነበር፦ «ቅድመ አያታችሁ ናት፤ ጣሊያን ሳይገባ የተነሣችው ነው።» ትልቁ አጎቴ በዚህ ጉዳይ ክርክር አይወድም።

ፎቶ ሲታይ ዓይን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፊት ነው፤ የሚያሳስተውም ፊት ነው። እናትና ልጅ ይመሳሰላሉ፣ እህትማማቾች ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ሴትየዋን ለጊዜው ትቼ ከጀርባዋ ጀመርኩ።

ሐውልቱ የቆመው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል፣ በ1923 ዓ.ም. ነው። ጣሊያኖች አዲስ አበባን ሲይዙ ነቅለው ወደ ሮም ወሰዱት፤ የተመለሰው ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። እንግዲህ አንበሳው ሥር ፎቶ የተነሣ ሰው ወይ ከወረራው በፊት ነው፣ ወይ ከተመለሰ በኋላ፤ በመካከሉ ያለው ዘመን ባዶ ነው። የአጎቴ ታሪክ እስከዚህ ድረስ ያስኬዳል። ፎቶውን በስልኬ አንስቼ ጥጉን ሳጎላው ግን የአንዲት ትንሽ መኪና አፍንጫ ታየኝ፤ ፊያት 600። ይህች መኪና ፋብሪካ የወጣችው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1955 ነው። ከወረራው በፊት የሚለው በዚሁ ቀረ።

ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «61» ተጽፏል። የእኛ ነው የፈረንጅ? ሰባት ስምንት ዓመት ብዙ ቤተሰብ ያሳስታል፤ በተለይ ፎቶው ውጭ አገር ደርሶ ከተመለሰ። እዚህ ግን አንበሳው ራሱ ፈረደ፤ በፈረንጆቹ 1961 ገና ሮም ነበር። ስለዚህ ዓመቱ የእኛው 1961 ነው። ጽሑፉ የደበዘዘ ከሆነ ባትሪ ከጎን አብርቶ ማየት ነው፤ ቀለሙ ቢጠፋም እስክሪብቶው ወረቀቱን የጫነበት መስመር ጥላ ያወጣል።

ከዚያ ወደ ልብሱ መጣሁ። ልብስ ከዚህ ዘመን በፊት አይደለም ይላል እንጂ ከዚህ በኋላ አይደለም ሊል አይችልም፤ አንድ ካባ ከእናት ለልጅ፣ ከልጅ ለልጅ ልጅ ይተላለፋልና። በውሰት ኮት ፎቶ የተነሣውም ስንቱ ነው። የሚያናግረው አለባበሱ ነው። ሴትየዋ ቀሚሷ ጥቁር ነው፣ የነጠላዋ ጥለት ደግሞ ወደ ላይ ዞሮ አንገቷን ከቧል። ይህ የሐዘን አለባበስ ነው። ማን ሞቶባት ይሆን?

መልሱን ያገኘሁት ከአሮጌ የዕድር ደብተር ነው። ለቅድመ አያቴ ቀብር ገንዘብ የተከፈለው ነሐሴ 1960 ነው። አንበሳው ሥር የቆመችው ሴት ያዘነችው፣ እኛ እሷ ናት ስንላት ለኖርነው ለቅድመ አያቴ ነበር ማለት ነው! በ1961 ሐዘን የሚቀመጡት ሦስቱ ሴት ልጆቿ ነበሩ። ከሦስቱ የትኛዋ ናት?

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ለአጎቴ «ትልቋ እህትህ አይደለችም?» ብዬ ጠየቅኩት። «እንግዲህ... ትመስላለች» አለኝ። ስም ቀድሞ ከጠያቂው አፍ ከወጣ መልሱ የራስ ድምፅ ማሚቶ ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ ልጁን ላለማሳፈር እሺ ይላል። ዘመድ ተሰብስቦ ቡና ላይ ፎቶ ሲታይም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ጮክ ብሎ ስም ከጠራ ሌላው ይከተላል።

ስለዚህ ከሦስቱ በሕይወት ወዳለችው፣ ወደ ትንሿ፣ ብቻዬን ሄድኩ። እናቴ እትዬ ስለምትላት እኔም እትዬ ነው የምላት። ፎቶውን ሰጠኋትና ስም ሳልጠራ «እስቲ ይሄን ቀን ንገሪኝ» አልኳት። መነጽሯን ፈልጋ፣ ፎቶውን አርቃ አቅርባ አየችው። ፊቱ ላይ አልቆየችም።

«ይሄ ጫማ የኔ ነው!»

«እንዴት፣ እትዬ?»

«ድሬዳዋ ልትሄድ ስትል የሷ ተረከዙ ወልቆ አዋስኳት። አልመለሰችውም እኮ።»

መካከለኛዋ እህት ናት። ድሬዳዋ ተድራ የነበረች፣ ለእናቷ ለቅሶ መጥታ በባቡር የተመለሰችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ቦታውም ሐዘኑም ዓመቱም አንድ ላይ ገጠሙ። ከሳምንት በኋላ፣ የእትዬን መልስ ሳልነግረው፣ አጎቴን በ1961 ለገሃር ድረስ ማንን እንደሸኘ ጠየቅኩት። እሱም እሷን ጠራ። ፎቶው ላይ ያለችው እሷ ናት ስለው ግን ዛሬም ራሱን ይነቀንቃል።

ልጁ ቀረ። እትዬ የጎረቤት ልጅ ነው ትላለች፤ አጎቴ የሚያውቀው ዘመድ አይደለም ይላል። ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳልጫን፣ የሴትየዋን ስምና የነገሩኝን ሰዎች ጻፍኩ። ከልጁ ትይዩ ጥያቄ ምልክት አለ።