አገር ስጭኝ!

የእህቴ ልጅ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። አንድ እሑድ እራት እስኪቀርብ ስንጠብቅ ጭኔ ላይ ወጣችና «እንቆቅልሽ!» አለችኝ።

«ምን አውቅልሽ!»

«ትልቅ ናት። ቀይ ናት። ምንድን ናት?»

መኪና አልኳት፤ አይደለችም። ፀሐይ አልኳት፤ አይደለችም። ቲማቲም ስል «ቲማቲም ትልቅ ናት እንዴ?» ብላ ገሠጸችኝ። ተሸነፍኩ። «አገር ስጭኝ!» አለች፣ ባሕር ዳርን ሰጠኋት። ከዚያ በደስታ እየተንቀጠቀጠች «መጋረጃ!» አለችና ከት ብላ ሳቀች። ፊት ለፊቷ ያለው የሳሎኑ መጋረጃ ቀይ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆነው ወንድሟ ግን «ይሄማ እንቆቅልሽ አይደለም!» አላት። ሳቋ ወዲያው ጠፋ።

ልጁ አልተሳሳተም። ቀይና ትልቅ የሆነ ነገር ስፍር ቁጥር የለውም፤ ጥያቄው ወደ መልሱ የሚያደርስ መንገድ አልነበረውም። ግን ትንሿም አልተሳሳተችም። እንቆቅልሽ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ሥርዓቱ፣ ሌላው ፍቺው። ሥርዓቱ ጠሪና ተቀባይ አለው፤ አንዱ «እንቆቅልሽ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልሽ» ይላል፣ ጥያቄው ይወርዳል፣ ያቃተው አገር ይሰጣል፣ አገር የተቀበለው ተሸናፊውን በግጥም ይወርፍና መልሱን ይናገራል። አራትና አምስት ዓመት ላይ ያሉ ልጆች አስቀድመው የሚይዙት ይህን ነው። አምስት ዓመት ተኩል የሆናት ልጅ ጥሪውን አልሳተችም፣ ተራዋን ጠብቃለች፣ መልሱን እስከ መጨረሻው ደብቃለች። ያላወቀችው፣ መልሱ ከጥያቄው መውጣት እንዳለበት ብቻ ነው። እሱ ቆይቶ ይመጣል። ስለዚህ ለባዶ እንቆቅልሽም አገር መስጠት ይገባል።

የልጅ ቀልድ ከዚህም በፊት ይጀምራል። የሩሲያው የልጆች ደራሲ ኮርኔይ ቹኮቭስኪ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጁ ውሻ እንደ ድመት ይጮኻል ብላ ስትስቅ አይቶ ነገሩን በጽሑፍ አኑሮታል። ሕፃኗ የሳቀችው ውሻ እንዴት እንደሚጮኽ ስላወቀች ነው። ያላወቀውን ነገር የሚገለብጥ ልጅ የለም። እኛም ቤት ይህን በመቀባበል እንጫወተዋለን። «ላም ምን ትላለች?» «እምቧ!» «ድመትስ?» «ሚያው!» «በግስ?» «ባአ!» እየተባለ ሦስት አራት ጊዜ ከተሄደ በኋላ ትልቁ ሰው ኮስተር ብሎ «ውሻማ እምቧ ይላል» ይላል። ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ መሬት ላይ ይንከባለላል። ገና ከአንደኛው እንስሳ ላይ ከገለበጣችሁት ግን አይስቅም፤ ተሳስታችሁ መስሎት ያርማችኋል። ትክክለኛው ዜማ መጀመሪያ መያዝ አለበት።

ከባዶው እንቆቅልሽ ቀጥሎ የሚመጣው የሚታይ ነገር ሸፍኖ የሚጠይቀው ነው። «በር የሌለው ነጭ ቤት» ሲባል እንቁላል፤ «ትንሽ ሆና ቤት ትሞላለች» ሲባል መብራት። ለትንንሽ ልጆች መልሱ እጃቸው የነካው ነገር ቢሆን ይመረጣል። የመብራቷን እንቆቅልሽ ያወጡት ሰዎች ኩራዝ ነበራቸው፤ ጨለማው በአንዲት ነበልባል ሲሸሽ በየማታው ያዩት ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ላደገች ልጅ መብራት ግድግዳ ላይ ያለ ማብሪያ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ስጠይቃት ጥቂት አሰበችና «ሽንኩርት ሲቁላላ!» አለችኝ። እኔ መብራት ብዬ ላርማት አፌን ከፍቼ ነበር፣ ደግነቱ መለስኩት። ትንሽ ናት፣ ቤትም ትሞላለች፤ ምን ጎደለው? ለእኔ ከመብራቱ ይበልጣል። መልሱ ከጥያቄው ጋር ከገጠመ አገሩን ማስረከብ ያለበት ጠያቂው ነው።

ሦስተኛው ደረጃ የቃሉ ራሱ ጨዋታ ነው፤ አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲሸከም። አብዛኞቹ ልጆች ይህን ማጣጣም የሚጀምሩት ስድስትና ሰባት ዓመት ገደማ ነው። አማርኛችን እዚህ ላይ የራሱ የሆነ ጠባይ አለው፤ ፊደላችን ላልቶ የሚነበበውንና ጠብቆ የሚነበበውን አይለይም። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉም ይሁን ያልደረሰው ጊዜ በዓይን አንድ ነው፤ «ና» ሲጠብቅ ልደት ነው፣ ሲላላ ደግሞ «ቆይ» ነው። «ገና ገና ነው» የሚለውን ጽፋችሁ ማንበብ ለጀመረ ልጅ ስጡትና ፊቱን ተመልከቱት። «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋው ሰውዬ ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ የማይጠብበው ልብስ። «ዋና»ም ሲላላ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ ነው።

እኔ ለልጆች የምወደው ይህን ነው፦ «ዶሮ መቼ ይበላል?» ሲላላ የሚበላው ዶሮው ነው፤ መልሱ «ጥሬ ሲበተንለት» ይሆናል። ሲጠብቅ የሚበላው እኛ ነን፤ መልሱ «ጾም ሲፈታ» ነው። ልጁ አንዱን ሲመልስ ሌላውን ትይዙበታላችሁ።

ችግሩ ግን እዚሁ ነው። በወረቀት ላይ አንድ የሆነው ቃል በአፍ ሁለት ነው። ግልጽ አድርጋችሁ ካላላችሁት ወይም ካጠበቃችሁት ወጥመዱ ይታያል። ስለዚህ ጠያቂው ፈጠን፣ ጎምጀም አድርጎ ሊያልፈው ይገባል፤ አለዚያ ጽፎ ያሳያል። ላልቶና ጠብቆ ለሚለይ ቃል ወረቀቱ ይሻላል፤ ማንበብ ላልጀመሩት ደግሞ ላም እና ድመቱ ይበቃቸዋል።

ልጁ ፍቺው ገብቶት ይሁን ወይ ሌላው ስለሳቀ ብቻ ይሳቅ ለማወቅ አንድ ዘዴ አለ፤ እንቆቅልሹን ለሌላ ሰው እንዲጠይቅ ማድረግ። የእህቴ ልጅ የዶሮውን በማግስቱ ለአያቷ ጠየቀች። «አያቴ፣ ዶሮ መቼ ይበላል?» አያቷ «ምን አውቄ ልጄ» ሲሉ «ማታ!» ብላ ፈነደቀች። ቅርጹ ሙሉ ነው፣ ሁለቱ ትርጉም ግን የለም። ወንድሟ ግን ለጓደኛው ሲጠይቅ «ይበላል» የምትለዋን ቃል ዋጥ አድርጎ አለፋት። የት ላይ መደበቅ እንዳለበት ያውቃል።

ስለ ወረፋው ግጥም አንድ ነገር ላንሳ። አዋቂዎች የሚጠቀሙበት አንዳንዴ ጠንካራ ስድብ አለበት፤ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ ተሸንፋ ያን ስትሰማ ታለቅሳለች። ቤታችን ውስጥ በሆድ ነገር ተክተነዋል፦ «ባሕር ዳር ገብቼ፣ አሳውን በልቼ፣ ላንቺ አጥንት ትቼ…» ቤት ይመታል፣ ያስቃል፣ አያቆስልም። የሚሰጠውም አገር ልጁ የሚያውቀው ይሁን። ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ ልጅ ደብረ ማርቆስን ካላወቀ ሲልቨር ስፕሪንግን ይስጥ፤ አገሩን የሰጠ ሰው ሲያጣው ቅር ሊለው ይገባል፣ ጨዋታው በዚያ ነው የሚሞቀው።

ዛሬ ማታ ልጃችሁ «እንቆቅልሽ!» ብላ ብትመጣ፣ ጥያቄዋ ባዶም ቢሆን፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ገምቱና አንድ ጥሩ አገር ስጧት። መልሷ መጋረጃ ሊሆን ይችላል።