ሦስት ድንጋጤዎች በአንድ አሥርት ዓመት፦ የፋይናንስ ነፃነት ዕቅድ የጫና ፍተሻ

የፋይናንስ ነፃነት ዕቅድ አንድ ቤተሰብ ያለ ደመወዝ፣ ባከማቸው ሀብት ብቻ ለመኖር የሚያወጣው የረጅም ጊዜ ስሌት ነው። ግቡ በተለምዶ የዓመት ወጪ 25 እጥፍ ነው። ለዚህ ልኬት መነሻ የሆነው ዊሊያም ቤንገን እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተመው ጥናት ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት ከሀብቱ 4 በመቶ አውጥቶ መጠኑን በየዓመቱ በዋጋ ንረት ልክ የሚያስተካክል ጡረተኛ፣ በአሜሪካ የገበያ ታሪክ ገንዘቡ ቢያንስ 30 ዓመት እንደሚያቆየው ያሳያል። ጥናቱ የሚመለከተው ግን ግቡ ላይ የደረሰን ሰው ነው። ገና በማጠራቀም ላይ ያለ ቤተሰብ ተጨማሪ ሥጋት አለበት፤ ደመወዙም ሊቋረጥ ይችላል።

የጫና ፍተሻ ብዙ ጊዜ የሚደረገው አደጋዎቹን ለየብቻ በማየት ነው። ሥራ ማጣት፣ የገበያ መውደቅና የዋጋ ንረት እያንዳንዳቸው ተፈትሸው ዕቅዱ ሁሉንም ካለፈ አስተማማኝ ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ሦስቱ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። በአሜሪካ ከ1973 እስከ 1982 የታየው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1973 መገባደጃ የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ የኩባንያዎች ወጪ ጨመረ፤ ትርፋቸውም ተጎዳ። የኤስ ኤንድ ፒ 500 የአክሲዮን መለኪያ ከጥር 1973 እስከ ጥቅምት 1974 ግማሽ ያህሉን ዋጋ አጣ። በ1974 የሸማቾች ዋጋ 12 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ ሥራ አጥነት ደግሞ በግንቦት 1975 9 በመቶ ደረሰ። ሠራተኛው የተቀነሰው አክሲዮኑ በረከሰበት ወቅት ነበር ማለት ነው።

አንድ ምናባዊ ቤተሰብ እንውሰድ። በ1973 መጀመሪያ 300 ሺህ ዶላር ሙሉ በሙሉ በአክሲዮን አለው፤ በዓመት 20 ሺህ ያወጣል፣ 10 ሺህ ይቆጥባል፤ ግቡም 500 ሺህ ነው። ከዋጋ ንረት በላይ 5 በመቶ ትርፍ ቢገኝ ግቡን በሰባት ዓመት ይመታል። በዚያ አሥርት ዓመት የተመዘገበው ትክክለኛ የአክሲዮን ትርፍና የዋጋ ንረት ወደ ስሌቱ ሲገባ ግን፣ ቤተሰቡ ሥራ ሳያጣ እንኳ በ1982 መጨረሻ የሚኖረው በ1973 መጀመሪያ የመግዛት አቅም 368 ሺህ ያህል ነው። በ1975 ለአንድ ዓመት ሥራ ቢያጣና የዓመቱን ወጪ አክሲዮን ሸጦ ቢሸፍን ወደ 323 ሺህ ይወርዳል። ሥራ ያጣው በ1981፣ ከገበያው ማገገም በኋላ ቢሆን ኖሮ 336 ሺህ ይቀረው ነበር። ያጣው ደመወዝ ሳይለወጥ ጉዳቱ ከ32 ሺህ ወደ 45 ሺህ ያደገው፣ በረከሰ ጊዜ የተሸጠው አክሲዮን በ1975 እና በ1976 በታየው ማገገም ስላልተካፈለ ነው።

ከመጀመሪያው 20 ሺህ ዶላር በአጭር ጊዜ የግምጃ ቤት ሰነድ ተይዞ ቢሆን ውጤቱ ይለወጣል። የዋጋ ንረት ከመጠባበቂያው ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ የመግዛት አቅም ቢሸረሽርም፣ በ1975 የሚሸጠው አክሲዮን እጅግ ጥቂት ይሆናል፤ የመጨረሻው ሀብትም ወደ 337 ሺህ ከፍ ይላል። በዚህ ስሌት መጠባበቂያው ኪሳራን አያስቀርም፤ የሚያደርገው በዝቅተኛ ዋጋ ከመሸጥ ማዳን ነው።

በዚህ ዓይነት ስሌት በጣም አሳሳች የሆነው ስሕተት ግን ግቡን ሳያስተካክሉ መተው ነው። በአሥሩ ዓመት ዋጋ 2.3 እጥፍ ገደማ ስለጨመረ 323 ሺህ የተባለው ሀብት በ1982 ዶላር ከ740 ሺህ በላይ ሆኖ ይነበባል። ግቡን 500 ሺህ ላይ ያቆየ ቤተሰብ ዕቅዱ የተሳካለት መስሎት ሥራውን ሊለቅ ይችላል። ወጪው ግን በዚያን ጊዜ 46 ሺህ፣ ትክክለኛው ግብም 1.15 ሚሊዮን ገደማ ነው። ስሕተቱን ለመለየት ያለው ሀብት በወቅቱ የዓመት ወጪ ሲካፈል ስንት እጥፍ እንደሚሆን በየዓመቱ ማስላት ይበቃል። እዚህ ላይ ውጤቱ 25 ሳይሆን 16 ብቻ ነው።

ስሌቱ ወሰን አለው። ግብርን፣ የግብይት ወጪንና ወደ ሥራ ሲመለሱ ሊያጋጥም የሚችለውን የደመወዝ ቅናሽ አላካተተም፤ ቁጠባውም ከዋጋ ንረት ጋር እኩል እንደሚያድግ ታሳቢ አድርጓል። የተመሠረተውም በአንድ አገር የአንድ ዘመን መረጃ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2025 በመሆኑ በአገር ውስጥ ተመሳሳይ ፍተሻ ለማድረግ የአሥር ዓመት የአክሲዮን ዋጋ መዝገብ ገና አልተጠራቀመም። የአሠራሩ ቅደም ተከተል ግን ሊወሰድ ይችላል፦ ሦስቱን ድንጋጤዎች በአንድ የጊዜ መስመር ላይ ማስቀመጥ፣ ሥራ የሚታጣበትን ዓመት እየቀያየሩ ማስላት፣ ከዚያም ውጤቱን በዓመት ወጪ እጥፍ መለካት።