የልጅ ፎቶ ሲጠራ ነጩ መስመር ከየት ይመጣል?

ፎቶው የአንዲት የአራት ዓመት ልጅ ነው። ሹሩባ ተሠርታ፣ ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጭ ግድግዳ አጠገብ ቆማ ትስቃለች። ሳቋ ሌላ ጊዜ የማይገኝ ዓይነት ነው፤ ዓይኖቿ ግን ለጥቂት ብዥ ብለዋል። ቤተሰቡ 13 በ 18 ሳንቲ ሜትር አሳጥቦ ሊሰቅለው ይፈልጋል።

ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነት ፎቶ ሲያጋጥመው በማስተካከያ ፕሮግራሙ ላይ ሻርፕ የሚያደርገውን ማንሸራተቻ እስኪበቃው ድረስ ይገፋዋል። ያኔ ዓይኖቿ በመጠኑ ይጠራሉ። ነገር ግን ሹሩባዋ ከግድግዳው በሚገናኝበት ዙሪያ ነጭ መስመር ይወጣል፤ ለስላሳ የነበረው ጉንጯ እንደ አሸዋ ይሻክራል፤ የአራት ዓመቷ ልጅ ዕድሜ የጨመረች ትመስላለች። ይህ ሳይሆን ፎቶውን ማጥራት ይቻላል። ለዚያ ግን ነጩ መስመር እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ ይጠቅማል።

ኮምፒውተር የእያንዳንዱን ነጥብ ብርሃን ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ይመዘግባል፤ 0 ጥቁር ነው፣ 255 ደግሞ ነጭ። የልጅቱ ፀጉር 40፣ ግድግዳው 220 ነው እንበል። ፎቶው ጥርት ያለ ቢሆን ኖሮ ከ40 ወደ 220 በአንድ ጊዜ ይዘል ነበር። ብዥ ስላለ ግን ቀስ እያለ ይወጣል፦ 40፣ 40፣ 85፣ 130፣ 175፣ 220፣ 220። አሁን ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ነጥብ ከራሱ፣ ከግራና ከቀኝ ጎረቤቶቹ አማካይ ጋር ያነጻጽራል። ከ85 አጠገብ ያለው 40 አማካዩ 55 ነው፤ ከአማካዩ በ15 ያንሳል። ፕሮግራሙ ይህን ልዩነት እጥፍ ያደርግና ነጥቡን ወደ 25 ያወርደዋል። በሌላው ጫፍ ከ175 አጠገብ ያለው 220 ከአማካዩ በ15 ይበልጣልና ወደ 235 ይወጣል። መሐል ያሉት 85፣ 130 እና 175 ምንም አይነኩም።

እንግዲህ 25 ከፀጉሩ የጠቆረ ነው፤ 235 ከግድግዳው የነጣ ነው። ሁለቱም በእውነተኛው ትዕይንት ውስጥ አልነበሩም። ዓይናችን ጠርዙን ጥርት ያለ አድርጎ የሚያየው ግን በእነሱ ምክንያት ነው። ማለትም ነጩ መስመር በማጥራቱ ላይ የተጨመረ ስህተት ሳይሆን ማጥራቱ የሚሠራበት መንገድ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ማለት ማጥራቱንም ማጥፋት ነው። ስለዚህ ሥራው መስመሩ ዓይን ሊለየው እስከማይችል ድረስ እንዲቀጥን፣ ነጩ ጎን ከጥቁሩ እንዲደክም፣ ከማያስፈልግበት ቦታም እንዲወጣ ማድረግ ነው።

ዘዴው ከኮምፒውተር በፊት በጨለማ ክፍል ውስጥ የነበረ ነው። የፊልም አጣቢዎች ከኔጋቲቩ ሆን ተብሎ ብዥ ያለ ቀጭን ቅጂ ያዘጋጁና ሁለቱን ደርበው ያትሙ ነበር። በአውስትራሊያ ይሠራ የነበረው ዴቪድ ማሊን በ1970ዎቹ በዚሁ መንገድ ከሰማይ ፎቶዎች ውስጥ ተደብቆ የቆየ ዝርዝር አውጥቷል። ዛሬ ፕሮግራሞች ውስጥ Unsharp Mask ተብሎ የሚገኘው እሱው ነው።

ወደ ልጅቱ እንመለስ። ከማንኛውም እርምጃ በፊት ብዥታው ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ፎቶውን በጣም አጉልተው ዓይኗ ውስጥ ያለችውን የመስኮት ብርሃን ነጥብ ይመልከቱ። ነጥቧ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትታ ጭረት ከመሰለች ልጅቷ ወይም ካሜራው ተንቀሳቅሷል። ነጥቧ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ከሰፋች ደግሞ ፎከሱ ስቷል፤ ያኔ ፎቶው ውስጥ የጠራ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። በዚህ ፎቶ ላይ የቀሚሷ ጥለት ክሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ካሜራው ፎከሱን ከዓይኗ ይልቅ ደረቷ ላይ አሳርፏል ማለት ነው። ይህ ለመዳን የሚመች ብዥታ ነው። እንቅስቃሴ ያመጣው ጭረት ግን እዚህ በምንገልጸው መንገድ ሲጠራ እያንዳንዱ ሽፋሽፍት ጥንድ ይሆናል እንጂ አይስተካከልም።

ቀጥሎ ብዙዎች የሚዘሉት፣ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም የሚበልጥ ጥቅም ያለው እርምጃ ይመጣል፦ ፎቶውን ወደሚታተምበት መጠን ማሳነስ። ካሜራው የሰጠው ፎቶ 4000 በ 6000 ፒክስል ነው። 13 በ 18 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ለማተም የሚያስፈልገው 1535 በ 2126 ብቻ ነው። በሙሉው መጠን ላይ የዓይኗ ብሌን ጠርዝ ከጥቁር ወደ ነጭ እስኪሻገር አምስት ያህል ፒክስል ይፈጃል። ፎቶው ሲያንስ ያ አምስት ወደ ሁለት ይወርዳል። ሻርፕ የሚባል ነገር ሳይነካ ከብዥታው አብዛኛው ሄደ ማለት ነው፤ ምንም ነጭ መስመርም አልተፈጠረም።

በነፃ በሚገኘው GIMP ይህ የሚሠራው ፎቶውን በወረቀቱ ቅርጽ ቆርጦ `Image > Scale Image` ውስጥ ቁጥሩን በመስጠት ነው። ዋናውን ፋይል ሳይነኩ በቅጂው ላይ ይሥሩ፤ ነገ ተለቅ ያለ ህትመት ቢፈለግ መነሻው ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ማጥራቱ። `Layer > Duplicate Layer` የሚለውን ተጠቅመው ፎቶውን በላዩ ላይ ይድገሙት፤ ከዚያ ድጋሚው ላይ `Filters > Enhance > Sharpen (Unsharp Mask)` ይክፈቱ። ሦስት ቁጥሮች ይጠይቃል። `Radius` የመስመሩን ስፋት ይወስናል፣ `Amount` ጉልበቱን። `Threshold` ጥቃቅን ልዩነቶችን እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ቆዳ ላይ አንዱን ጠቃጠቆ አጥርቶ ሌላውን ስለሚተው እኔ ዜሮ ላይ እተወዋለሁ፣ ቆዳውን በሌላ መንገድ እንጠብቀዋለን። ብዥታው ሁለት ፒክስል ያህል ስለቀረ `Radius` 1 በቂ ነው። `Amount` ከ0.8 ይጀምሩና እስከ 1.2 ድረስ እያዩ ይጨምሩ።

ስፋቱን ለምን 1 ላይ እንደምንይዘው በወረቀቱ ላይ ማስላት ይቻላል። በ300 ነጥብ ህትመት አንድ ፒክስል 0.085 ሚሊ ሜትር ነው። `Radius` 1 ሲሆን መስመሩ ሁለት ፒክስል ያህል ይዘረጋል፤ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ በእጅ የተያዘ ፎቶ ላይ አይታይም። 5 ቢደረግ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ያንን ከክፍሉ ወዲያ ማዶ የቆመ ሰውም ያየዋል።

ነጩ ጎን ከጥቁሩ ይልቅ ዓይን ይወጋል። ጥቁሩ መስመር ጥቁር ሹሩባ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ ነጩ ግን ብርሃን ባለው ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ባዶ የወረቀት ንጣት ይሆናል። ጠቆር ያለ ፀጉርና ቆዳ ያላቸው ልጆች ነጭ ግድግዳ አጠገብ ወይም ነጭ ነጠላ ለብሰው ሲነሡ ችግሩ የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ሁለቱን ጎኖች መለያየት ነው። የጠራውን ሌየር አንድ ጊዜ እንደገና ያባዙት። የመጀመሪያውን `Mode` ወደ `Darken only` ይቀይሩ፤ ይህ ፎቶውን የሚያጠቁረውን ክፍል ብቻ ያሳልፋል። የላይኛውን `Lighten only` ያድርጉና `Opacity` 30 ላይ ያውርዱት። ጥቁሩ ጎን በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል፣ ነጩ ከሲሶ በታች ይቀራል። ጥራቱ ብዙም ሳይቀንስ መስመሩ ሲደበዝዝ በዓይንዎ ያዩታል።

የቀረው ቦታ መምረጥ ነው። `Layer > New from Visible` ሁለቱን ደርቦ አንድ አዲስ ሌየር ይሰጥዎታል፤ በመሐል ያሉትን ሁለቱን ይደብቁ። አዲሱ ላይ `Add Layer Mask` ብለው `Black (full transparency)` ይምረጡ። የጠራው ሁሉ ይሰወራል። አሁን ጠርዙ ለስላሳ በሆነ ብሩሽ፣ ጉልበቱን 50 ላይ አድርገው፣ ማስኩ ላይ ነጭ ቀለም ይቀቡ። የቀቡት ቦታ ብቻ ይጠራል።

የት ይቀባል? ዓይን፣ ሽፋሽፍት፣ ቅንድብ፣ የከንፈር ጠርዝ፣ በሹሩባው መሐል ያሉት መስመሮች። ዓይኖቹን ሁለቴ መደጋገም ይቻላል፤ ፎቶ የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው፣ እነሱ ከጠሩ ሌላው ፊት ለስላሳ ቢሆንም ፎቶው ጥርት ያለ ሆኖ ይታያል። ጉንጭ፣ ግንባርና ግድግዳ አይነኩም። የሕፃን ቆዳ ላይ ቢጠራ የሚገኘው የካሜራው ጠቃጠቆ ብቻ ነው፤ በተለይ ቤት ውስጥ በደካማ ብርሃን ከተነሣ። ጥለቱም አይነካም፤ ቀድሞውኑ የጠራ ነገር ሲደገም ነው የሚሻክረው። ሹሩባው ከግድግዳው በሚገናኝበት ቦታ ብሩሹን ከፀጉሩ ውስጥ አያውጡት። ነጩ ጎን የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ስለሆነ፣ ግድግዳውን ካልቀቡት እዚያ የሚታይ መስመር አይኖርም።

ውጤቱን ሲመዝኑ ፎቶውን 100 በመቶ ላይ ያድርጉት፤ በGIMP ቁልፍ `1` ያደርሰዋል። አሳንሰው ካዩት ስክሪኑ ስህተቱን ይደብቃል፣ አጉልተው ካዩት ደግሞ የሌለ ችግር ያሳድዳሉ። የጆሮዋን ዙሪያ፣ የአንገትጌዋን ጠርዝ፣ የፀጉር መስመሯን ይፈትሹ። የሌየሩን የዓይን ምልክት እያጠፉና እያበሩ ያነጻጽሩ፤ ሲበራ ልዩነቱ ዓይኗ ላይ ከታየ ደህና ነው፣ ልዩነቱ መጀመሪያ ጉንጯ ወይም ግድግዳው ላይ ከታየዎት ማስኩ ከልኩ አልፏል። ወረቀት ቀለምን በጥቂቱ ስለሚያሰራጭ ለህትመት የሚሆነው ፎቶ ስክሪን ላይ ከሚወዱት ትንሽ ቢጠነክር አይጎዳም።

ይህ ሁሉ የጠፋውን አይመልስም። ከተቀነሰ በኋላም ሽፋሽፍቶቹ ተጣብቀው አንድ ጥላ ከሆኑ፣ ማጥራት የጥላውን ጠርዝ ያጠቁራል እንጂ ሽፋሽፍት አይሠራም። ብዥታው እንዴት እንደተፈጠረ ገምተው ወደ ኋላ የሚያሰሉ ዘዴዎች አሉ። ከእነሱ ታዋቂው ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1972፣ ሉሲ ደግሞ በ1974 ያቀረቡት ነው፤ RawTherapee ውስጥ `RL Deconvolution` በሚል ስም ይገኛል። ለመለስተኛ የፎከስ ስህተት ከላይ ካየነው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ሲበዛ ግን በአንድ መስመር ፋንታ ተደራራቢ መስመሮችን ያወጣል። በእነዚህ ሁሉ ካልሆነ የሚያዋጣው 13 በ 18 የነበረውን ወደ 10 በ 15 አሳንሶ ማሳጠብ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሌየሮቹ እንዳሉ በ`XCF` ያስቀምጡትና ለፎቶ ቤቱ የሚሆነውን `JPEG` በ95 ጥራት ያውጡ። በቴሌግራም የሚልኩት ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ አሳንሶና አጥብቆ ጨምቆ ያስተላልፈዋል፤ ያ ጭመቃ ደግሞ በጠራ ጠርዝ ዙሪያ ጠቃጠቆ ይተዋል።