ፊደሉ በየቋንቋው ሲጎድል

እ.ኤ.አ. በ2015 አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ስሞች ፊደል እየጎደላቸው ብቅ ማለት ጀመሩ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ያለበት የዳውኒንግ ስትሪት ምልክት ያለ ኦ ታየ፤ የታወቁ የመጻሕፍት መደብሮችና ሲኒማ ቤቶችም ስማቸውን አጉድለው ጻፉ። ሰዉ «ምን ነክቷቸው ነው?» ሲል ከቆየ በኋላ ምስጢሩ ተገለጠ። የጠፉት ኤ፣ ቢ እና ኦ የደም ዓይነት መጠሪያዎች ነበሩ፤ ለጋሽ ሲቀንስ ከደም ባንኩ መደርደሪያም እንዲሁ ይጎድላሉ። ዘመቻውን የጀመረው ኤንኤችኤስ ብለድ ኤንድ ትራንስፕላንት የተባለው የአገሪቱ የደም አገልግሎት ሲሆን፣ ሃሽታጉ #MissingType ነበር። በዓመቱ 21 አገሮች ተቀላቀሉት።

እኔና ሦስት ባልደረቦቼ ይህንኑ ሐሳብ ለዓለም የደም ለጋሾች ቀን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሶማሊኛ እናውጣው ብለን በፈቃደኝነት ተቀመጥን። ቀኑ ጁን 14፣ በእኛ ሰኔ 7 ነው። የመሰለን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ሐሳቡ አለ፣ ሥዕሉ አለ፣ የቀረው ካፕሽኑን መተርጎም ብቻ ነው አልን። ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

የመጀመሪያው እንቅፋት ራሱ ፊደሉ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ኤ እና ኦ በየቃሉ ስላሉ የፈለጉትን ስም ማጉደል ይቻላል። በግዕዝ ፊደል ግን «አዲስ አበባ» ውስጥ ያለው አ የደም ዓይነቱ ኤ አይደለም። እኛ የደም ዓይነታችንን የምንጠራው ኤ፣ ቢ፣ ኦ ብለን ነውና፣ እነዚህ ሦስት ድምፆች በትክክል የተጻፉባቸውን ስሞች መፈለግ ነበረብን። አንድ ሙሉ ምሽት ወረቀት ላይ ስንጽፍ ስንሰርዝ አመሸን። በመጨረሻ የቀሩን ኤርታሌ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅና ኦሞ ወንዝ ናቸው፤ «_ርታሌ»፣ «_ሾፍቱ»፣ «_ሞ» ሆኑ። ከዚያ በፊት አንደኛው ባልደረባችን «ኦሮሚያ» የሚለውን ጽፎ ኦን ሰርዞት ነበር። ለዓይን ያምር ነበር፤ ግን ሁላችንም ዝም አልን። በዚህ አገር የአንድን ሕዝብ ወይም ክልል ስም አጉድሎ መለጠፍ ለደም ልገሳ ነው ቢባል የሚሰማ የለም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ደንባችን እሳተ ገሞራ፣ ሐይቅና ወንዝ ብቻ ሆነ።

አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ይቀለናል ብለን ነበር። ነገር ግን ቁቤ ረጅሙን አናባቢ ደግሞ ይጽፋል። Adaamaa ከሚለው ስም ላይ ኤውን ስናነሣ `_d__m__` ሆኖ ቀረ፤ አምስት ፊደል ጠፍቶ ሁለት ብቻ ቀረ። ማንም አያነበውም። ከ Bishooftuu ላይ ቢን ብቻ ስናነሣ ግን `_ishooftuu` ሆነ፤ ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ በኦሮምኛው ፖስት ኤን ትተን በቢ ጀመርን። እንግዲህ አንድ ዘመቻ ማለት በየቋንቋው አንድ ዓይነት ሥዕል መለጠፍ አለመሆኑ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። አንድ መሆን ያለበት አንባቢው ክፍተቱን አይቶ በልቡ የሚሞላባት ቅጽበት ናት።

ሃሽታጉ ላይ የደረሰብን ደግሞ የእኔው ጥፋት ነው። የኦሮምኛውን የጻፈችልን ልጅ «ጉድለቱን ሙሉ» ለማለት #Hir'inaGuutaa የሚል አመጣች። ከዘመቻው ሐሳብ ጋር ልክ የሚገጥም ቃል ነበር፤ ወደድኩት፣ ሳልሞክረውም አጸደቅኩት። የሙከራ ገጹ ላይ ስንለጥፈው ሰማያዊ የሆነው #Hir ብቻ ነው፤ የቀረው ጥቁር ጽሑፍ ሆኖ ተንጠለጠለ። ምክንያቱ ሁዳው ነው፤ በኦሮምኛ ድምፅ የሚቆርጠው ያ ጭረት ለማኅበራዊ ሚዲያው ሥርዓተ ነጥብ ስለሆነ ሃሽታጉ እዚያው ያበቃል። ሶማሊኛም ይህንኑ ምልክት ስለሚጠቀም አደጋው እዚያም አለ። ሁዳውን አውጥቶ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ግን ለኦሮምኛ አንባቢ የተሳሳተ ቃል ነው። ስለዚህ ሁዳ የሌለበት #DhiigaKennaa ተመረጠ፤ «ደም ስጡ» ማለት ነው።

አማርኛው የራሱ ወጥመድ አለው። መጀመሪያ ያሰብነው «ደም ለሕይወት» ነበር። ግን ሕይወትን አንዱ በሐመሩ ሕ፣ ሌላው በሃሌታው ህ ይጽፈዋል፤ ለማሽኑ ሁለቱ የተለያዩ ሃሽታጎች ናቸው። ግማሹ ሕዝብ አንዱ ጋ፣ ግማሹ ሌላው ጋ ይሰበሰብና እርስ በርስ አይተያይም። ስለዚህ ሀ፣ አ፣ ሰ እና ጸ ያሉባቸውን ቃላት በተቻለ መጠን መሸሽ ነው። #ደም_ለግሱ አልን። ሱን በንጉሡ ሡ የሚጽፍ ጥቂት ነው። መሐሉ ላይ ያለችው የታች ሰረዝ ለጌጥ አይደለችም። በላቲን ቢሆን ቃል ከቃል በትልቅ ፊደል ይለያል፤ ያ ባለመደረጉ እ.ኤ.አ. በ2013 ማርጋሬት ታቸር ስታርፍ #nowthatchersdead የሚለውን ሃሽታግ ብዙዎች ዘፋኟ ሼር የሞተች አድርገው አንብበውታል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ቃላቱን የምትለየው ያቺ ሰረዝ ብቻ ናት። ሁለት ነጥብ ብንጠቀም ደግሞ እንደ ሁዳው ሃሽታጉን ትቆርጠዋለች።

ደስ ያለን ነገር #ደም_ለግሱ በትግርኛም ያው መሆኑ ነው። በሁለቱም ቋንቋ ያለ አንዲት ለውጥ ይነበባል፤ ትርጉሙም አንድ ነው። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ሃሽታግ ሥር ተገናኙ።

ካፕሽኑን በተመለከተ ትልቁ ጉዳይ ግሥ ነው። በእንግሊዝኛ ትእዛዙ ከፊት ይመጣል። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ደግሞ ከአንድ ሁለት መስመር በኋላ ጽሑፉን ቆርጦ «ተጨማሪ» ይላል። የመጀመሪያው ረቂቃችን እንዲህ ነበር፦ «ሰኔ 7 በሚከበረው የዓለም የደም ለጋሾች ቀን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በአቅራቢያዎ በሚገኘው የደም ባንክ በመገኘት የሕይወት ስጦታ ያበርክቱ።» ስልክ ላይ «በአቅራቢያዎ» የሚለው ጋ ተቆረጠ። ምን እንደምንጠይቅ ሳይታወቅ አንባቢው አለፈ። እንዲህ አደረግነው፦ «ደም ይስጡ። ሰኔ 7፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ቅርብዎ ባለው ደም ባንክ።» ለውጭ አገር ሰዎች በእንግሊዝኛ ስናወጣው 2 ሰዓቱ 8 መሆኑን ያስታወሰን ሰው ባይኖር ኖሮ ማለዳ የመጣ ሰው ዝግ በር ይጠብቀው ነበር።

በኤክስ ላይ ደግሞ የምትለጥፉ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጣሪያው 280 ነው ቢባልም የግዕዝ ፊደል አንዱ እንደ ሁለት ይቆጠራል፤ ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 140 ፊደል ገደማ ነው። የኦሮምኛና የሶማሊኛ ፊደል ግን አንዱ አንድ ነው። አማርኛው አልበቃ ሲል የኦሮምኛው ይበቃል ማለት ነው፤ እርግጥ አንዱ የእኛ ፊደል ተነባቢም አናባቢም ስለሚይዝ ልዩነቱ የሚያስፈራውን ያህል አይደለም።

ማንን ነው የምናናግረው የሚለውም አጨቃጨቀን። እንግሊዝኛው አንድ ቃል ነው፤ አማርኛው ስጥ፣ ስጪ፣ ስጡ ወይም ይስጡ ብሎ ማንነትን ያስመርጣል። ወጣቱ ባልደረባችን «ስጡ» ይሻላል አለ፤ «ይስጡ» የቢሮ ማስታወቂያ ይመስላል ብሎ። እኔ ለካፕሽኑ «ይስጡ»ን፣ ለሃሽታጉ «ለግሱ»ን መረጥኩ። ደም የሚለምን ሰው በአክብሮት ቢለምን አይጎዳም። በኦሮምኛ kennaa ለብዙም ለአክብሮትም ስለሚሆን እዚያ ክርክር አልነበረም።

ቀልዱ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ዘመቻ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ከመካከላችን አንዱ በአማርኛ «ደም መላሽ እንሁን» የሚል አመጣ። እንደ ቃል ጨዋታ ብልህ ነው፤ የተወሰደ ደም እንመልስ፣ ግን በቀል ሳይሆን በልገሳ። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሳቅን። ከዚያ የትግርኛውን የሚጽፈው ልጅ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ «ይህን ቃል ወንድሙ የሞተበት ሰው ሲያነበው አስቡት» አለ። ሳቁ ቆመ። ቀልዱ በትግርኛ ቃሉ ሲለወጥ ጨዋታው ይጠፋና በቀሉ ብቻ ይቀራል፤ በአማርኛም ቢሆን በደም የሚፈላለጉ ቤተሰቦች ባሉበት አካባቢ ማን እንደሚያነበው አናውቅም። ሰረዝነው። በምትኩ «ደመ ግቡዎች፣ ደማችሁን አካፍሉን» ሆነ። ይህ ቀልድ አንባቢውን ያሞግሰዋል፤ ማንንም አያቆስልም። ግን እሱም አማርኛ ውስጥ ብቻ ነው የሚኖረው። ለኦሮምኛው የተራቆተውን የ`_d__m__`ን ስም ራሱን ቀልድ አደረግነው፤ «ኤ ሲጠፋ አዳማ ይህን ትመስላለች» ተባለ። ለማንበብ የማይሆነው ሥዕል ለመሳቅ ሆነ። ሶማሊኛውን የጻፈው ሰው ደግሞ ቀልዱን ጭራሽ ትቶ እንደ ሶማሌ ግጥም ወግ ቃላቱ በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ አጭር ስንኝ ሠራ። ትክክል ነበር። ቀልድ ካልተሻገረ አለመሻገሩን መቀበል ይሻላል።

ኢሞጂን በተመለከተ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው 🩸ን ነው። ይህች የደም ጠብታ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ያስመጣትም ፕላን ኢንተርናሽናል ዩኬ የወር አበባን ያለ እፍረት ለመነጋገር ሲል ያካሄደው ዘመቻ ነው፤ አብሮት ያመለከተውም ያው የፊደል ማጉደሉን ዘመቻ የጀመረው የእንግሊዝ የደም አገልግሎት ነበር። ስለዚህ ለብዙ ወጣት ሴቶች 🩸 የወር አበባ ናት። ብቻዋን ካፕሽን መጨረሻ ላይ ብትቀመጥ ሁለት ነገር ትላለች፤ አሮጌ ስልክ ላይ ደግሞ ባዶ ሳጥን ትሆናለች። «ደም ባንክ» ከሚለው ቃል አጠገብ ብቻ አስቀመጥናት። 💉ንም አውጥተነዋል። አፕል ስልክ ላይ እስከ 2021 እ.ኤ.አ. መርፌው ደም የሚንጠባጠብበት ነበር፤ በክትባቱ ጊዜ ደሙ ተነሣለት። አንዱ ደም ያያል፣ አንዱ ክትባት። ከሁሉም ደግሞ መርፌ የሚፈራን ሰው በመርፌ መጥራት ምን ይባላል?

አንዱ ረቂቅ ላይ 💚💛❤️ ተደርድሮ ነበር። ለእኛ ሦስት ልብ ሳይሆን ባንዲራ ነው፤ ምልክት የሌለበት ባንዲራ። አንባቢው ደም ከመስጠቱ በፊት ከየትኛው ወገን እንደሆንን ይወስናል። አንድ ❤️ ብቻ ቀረ፤ በአራቱም ቋንቋ።

ከለጠፍን በኋላ ማታውን አስተያየቶቹን ስናነብ አምሽተናል። ቁጥሩን ሳይሆን አንድ ነገር ነበር የምንፈልገው። በአማርኛው ሥር መጀመሪያ የመጡት «ፊደል ረሳችሁ»፣ «አርሙት» የሚሉ ነበሩ፤ ኤርታሌን የለጠፍንበት ሥዕል ላይ ክፍተቱ ጠባብ ስለነበር ስሕተት መስሏቸው ነው። ባዶ ቦታውን አስፍተን በወፍራም ሰረዝ ምልክት አድርገን ደግመን ለጠፍነው። ከሰዓት ያህል በኋላ አንድ ሰው ከቢሾፍቱ «ቢ ነኝ፤ ሰኔ 7 ከች እላለሁ» ብሎ ጻፈ። ሥሩ ሌላ ሰው «ኦ እኔ ጋ አለ» አለ። ከዚያ በኋላ በኦሮምኛውም በትግርኛውም ሰዎች የጎደለውን ፊደል በራሳቸው የደም ዓይነት እየሞሉ ይጽፉ ጀመር።