ውሳኔው ከስዊቹ ሲወጣ፦ በሶፍትዌር የሚመራ ኔትወርክና የፍሰት ደንብ

ስዊችም ሆነ ራውተር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት። አንደኛው መወሰን ነው፤ ወደዚህ አድራሻ የሚሄድ ፓኬት በየት ይለፍ፣ የማን ፓኬት ይከልከል፣ መስመር ቢቋረጥ በየት በኩል ይዙር የሚለውን ይቆርጣል። ሁለተኛው ማስተላለፍ ነው፤ በአንዱ ፖርት የገባውን ፓኬት በተወሰነው መሠረት በሌላው ፖርት ያስወጣል። ውሳኔው ጊዜ ወስዶ የሚሰላ የፕሮግራም ሥራ ነው። ማስተላለፉ ግን በትልልቅ መሣሪያዎች ላይ በሰከንድ ሚሊዮኖች ፓኬቶችን ማሳለፍ ስለሚጠይቅ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ቺፕ ይከናወናል።

በተለመደው አሠራር ሁለቱም ሥራዎች በአንድ ሣጥን ውስጥ አብረው ይኖራሉ። እያንዳንዱ ራውተር ከጎረቤቶቹ ጋር መልእክት እየተለዋወጠ መንገዱን ራሱ ይመርጣል። ይህ ትልቅ ጥንካሬ አለው፤ አንዱ መሣሪያ ቢበላሽ የቀሩት ተነጋግረው መንገድ ይቀይራሉ። ችግሩ የሚመጣው የኔትወርኩ ባለቤት አዲስ ነገር ሲፈልግ ነው። «የሒሳብ ክፍል ኮምፒውተሮች ከእንግዶች ዋይፋይ ጋር እንዳይገናኙ» የሚል አጭር ትእዛዝ፣ መሣሪያዎቹ ሃምሳ ከሆኑ በሃምሳዎቹ ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ ያውም የየአምራቹ አጻጻፍ ይለያያል። አንዱ ከተረሳ በዚያ በኩል ቀዳዳ ይቀራል።

በሶፍትዌር የሚመራ ኔትወርክ ይህን ጥምረት ይለያየዋል። የመወሰኑ ሥራ ከስዊቾቹ ወጥቶ ኮንትሮለር ወደሚባል ፕሮግራም ይሄዳል፤ ፕሮግራሙም በተራ ሰርቨር ላይ መሥራት ይችላል። ስዊቾቹ ዘንድ የሚቀረው ማስተላለፉ ብቻ ነው። ሐሳቡ መልክ የያዘው በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2007 ማርቲን ካሳዶና ባልደረቦቹ ኢቴን በተባለው ሥራቸው 300 ኮምፒውተሮች ያሉትን ኔትወርክ ከአንድ ማእከል እየመሩ አሳዩ። በ2008 ደግሞ ኒክ መኪዮንን ጨምሮ የተመራማሪዎች ቡድን ኦፕንፍሎው የተባለውን ፕሮቶኮል ይፋ አደረገ። ኦፕንፍሎው ኮንትሮለሩና ስዊቹ የሚነጋገሩበት የጋራ ቋንቋ ነው፤ የማንኛውም አምራች ስዊች ይህን ቋንቋ ከተረዳ ከኮንትሮለሩ ትእዛዝ ሊቀበል ይችላል።

ትእዛዙ የሚሰጠው በፍሰት ደንብ ነው። ስዊቹ የፍሰት ሠንጠረዥ አለው፤ የሠንጠረዡ እያንዳንዱ መስመር አንድ ደንብ ነው። ደንቡ ፓኬቱ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት፣ ከተገኘ ምን እንደሚደረግበት፣ ከሌሎች ደንቦች ጋር ሲወዳደር ምን ያህል ቅድሚያ እንዳለው ይናገራል። ከዚህም ሌላ በደንቡ ስንት ፓኬት እንዳለፈ የሚመዘግብ ቆጣሪ አለው።

ነገሩ በምሳሌ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። `s1` የተባለ አንድ ስዊች አለ እንበል። በፖርት 1 አድራሻው 10.0.0.1 የሆነ ኮምፒውተር፣ በፖርት 2 ደግሞ አድራሻው 10.0.0.2 የሆነ ሰርቨር ተሰክቷል። ሁለቱ እንዲገናኙ ይፈለጋል፤ ነገር ግን ማንም ሰው በቴልኔት፣ ማለትም በቲሲፒ ፖርት 23፣ ወደ ሰርቨሩ እንዲገባ አይፈለግም። ኦፕን ቪስዊች በተባለው ነፃ የሶፍትዌር ስዊች ላይ ደንቦቹ እንዲህ ይጻፋሉ፦

```
ovs-ofctl del-flows s1
ovs-ofctl add-flow s1 "priority=100,ip,nw_dst=10.0.0.2,actions=output:2"
ovs-ofctl add-flow s1 "priority=100,ip,nw_dst=10.0.0.1,actions=output:1"
ovs-ofctl add-flow s1 "priority=200,tcp,nw_dst=10.0.0.2,tp_dst=23,actions=drop"
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ ቀድሞ የነበረውን ደንብ ሁሉ ያጠፋል። ይህ የግድ ነው፤ ኦፕን ቪስዊች ሲነሣ እንደ ተራ ስዊች እንዲሠራ የሚያደርገው ደንብ ይዞ ሊነሣ ይችላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው መሄጃና መመለሻ ናቸው። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ደንብ ጽፎ መልሱ የሚጠፋበት ጀማሪ ብዙ ነው። አራተኛው የቴልኔትን ፓኬት ይጥላል። የቴልኔት ፓኬት ከሁለተኛውም ከአራተኛውም ደንብ ጋር ይገጥማል፤ ግን 200 ከ100 ስለሚበልጥ የሚሠራው ክልከላው ነው። ሁለቱም እኩል ቅድሚያ ቢሰጣቸው የትኛው እንደሚያሸንፍ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ይህ ሁሉ በትክክል ተጽፎም `ping` ቢሞከር አይሠራም። ኮምፒውተሩ የአይፒ ፓኬት ከመላኩ በፊት የሰርቨሩን የማክ አድራሻ በኤአርፒ መልእክት ይጠይቃል፤ ኤአርፒ ደግሞ አይፒ አይደለም። ከየትኛውም ደንብ ጋር ስለማይገጥም ስዊቹ ጥያቄውን ይጥለዋል። ምክንያቱን የሚያጋልጡት ቆጣሪዎቹ ናቸው። `ovs-ofctl dump-flows s1` ሲታይ የአይፒ ደንቦቹ `n_packets=0` ይላሉ፤ ስለዚህ የአይፒ ፓኬት ስዊቹ ዘንድ ጭራሽ አልደረሰም ማለት ነው። የጎደለው አንድ መስመር ነው፦

```
ovs-ofctl add-flow s1 "priority=50,arp,actions=flood"
```

አሁን `ping` ይመልሳል። ቴልኔት ቢሞከር ግን ግንኙነቱ ሳይከፈት ይቀራል፤ የክልከላው ደንብ ቆጣሪም ለምሳሌ `n_packets=3, n_bytes=222` ያሳያል። ኮምፒውተሩ ባለ 74 ባይት የግንኙነት መጠየቂያ ሦስት ጊዜ ልኮ ሦስቱም ተጥለዋል። ምን እንደተከለከለና ስንት ጊዜ እንደተሞከረ ሳይገመት በዓይን ይታያል፤ የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ምናልባት ይኸው ነው።

በምሳሌው ደንቦቹን የጻፈው ሰው ነው። በእውነተኛ ኔትወርክ ግን ተመሳሳዩን መልእክት ኮንትሮለሩ ራሱ ለብዙ ስዊቾች ይልካል። አንዳንዱ ኮንትሮለር ደንቦቹን አስቀድሞ ይጭናል። ሌላው ደግሞ ስዊቹ የማያውቀው ፓኬት ሲገጥመው እንዲጠይቀው ያደርጋል፤ መልሱንም እንደ ደንብ ይጭንለታል። በዚህ በሁለተኛው መንገድ የመጀመሪያው ፓኬት ይዘገያል፤ የሚከተሉት ግን ኮንትሮለሩን ሳያስቸግሩ በስዊቹ ፍጥነት ያልፋሉ። `ping` ሲደረግ የመጀመሪያው መልስ ረጅም ጊዜ ወስዶ የቀሩት ወዲያው ከመጡ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። በየደቂቃው ብዙ አዳዲስ ግንኙነት በሚከፈትበት ኔትወርክ ይህ መንገድ ኮንትሮለሩን ያጨናንቃል፤ ስለዚህ አስቀድሞ መጫኑ ይመረጣል።

ኮንትሮለሩ ቢጠፋ ኔትወርኩ ወዲያው አይቆምም፤ የተጫኑት ደንቦች ጊዜያቸው እስኪያልቅ ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው አስቀድሞ በተመረጠው ላይ ይመሠረታል፤ ስዊቹ አዲስ ነገር ሳይቀበል ባለው ደንብ ይቀጥላል፣ ወይም ወደ ተራ ስዊችነት ይመለሳል። ሁለተኛው ምቹ ቢመስልም ክልከላዎቹን ሁሉ ሊያነሣ ስለሚችል፣ ደኅንነት በሚያስፈልግበት ቦታ ትክክለኛው ምርጫ የመጀመሪያው ነው። ሌላው ወሰን የቦታ ነው። የስዊች ቺፕ ደንቦችን የሚይዝበት ልዩ ማስታወሻ ውድና ጠባብ በመሆኑ ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ደንብ የሚጽፍ ኮንትሮለር ቶሎ ይሞላዋል።

አሠራሩ ምን ያህል እንደሚያዋጣ በግልጽ የታየው ጎግል የመረጃ ማእከሎቹን በሚያገናኝበት ቢ4 በተባለው ኔትወርክ ነው። ማእከሉ ሁሉንም መስመር በአንድ ጊዜ ስለሚያይ፣ አስቸኳይ ያልሆነውን ጭነት ወደ ክፍት መስመር ማዞር ወይም ማዘግየት ይችላል። ኩባንያው በ2013 ባወጣው ጽሑፍ መሠረት የቢ4 መስመሮች ለረጅም ጊዜ በአማካይ 70 በመቶ አቅማቸውን ይጠቀሙ ነበር፤ ይህም ከተለመደው አሠራር ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ነው። ጥቂት ስዊቾች ላሉት፣ ደንቡም እምብዛም ለማይለዋወጥ መሥሪያ ቤት ግን ኮንትሮለር መትከል ተጨማሪ የሚጠበቅ ሰርቨር ከማምጣት ያለፈ ትርፍ የለውም።